የኒውዮርክ ዕለታዊ ድምር ከዜድ ሪፖርቱ ጋር አይገጥምም፤ ቀኑን የት ላይ ነው መቁረጥ ያለብን?

ሪፖርት_አዘጋጅ

ሦስት ቅርንጫፎች አሉን፤ አንዱ ዱባይ፣ አንዱ ለንደን፣ አንዱ ኒውዮርክ። የሦስቱም ሽያጭ ወደ አንድ ዳታቤዝ ይገባል፤ እያንዳንዱ ሽያጭ የተፈጸመበት ሰዓትም በዩቲሲ ይመዘገባል። የእኔ ሥራ በየጠዋቱ በለንደን ሰዓት 07:00 ላይ የትናንቱን የየቅርንጫፉን ድምር አውጥቶ ለአስተዳደሩ መላክ ነው። ሪፖርቱ ቀኑን የሚቆርጠው በዩቲሲ እኩለ ሌሊት ነው። ግራ መጋባት እንዳይፈጠር በዚህ ክር ውስጥ ሰዓቶችን ሁሉ ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ብንጽፍ ደስ ይለኛል።

ችግሩ ይህ ነው። የዱባይና የለንደን ድምር ቅርንጫፎቹ ማታ ሲዘጉ ከሚያወጡት ዜድ ሪፖርት ጋር እስከ ሳንቲሙ ይገጥማል። የኒውዮርኩ ግን አይገጥምም። ባለፈው ዓርብ የቅርንጫፉ ዜድ ሪፖርት 18,400 ዶላር ሲል የእኔ ሪፖርት 16,550 አለ። ቅዳሜ ዜዱ 21,000፣ የእኔው 20,500። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ «ሽያጫችንን እየቀነሳችሁ ነው የምታቀርቡት» ብለው ደብዳቤ ጽፈዋል። የሚገርመው የሳምንቱን ጠቅላላ ድምር ሳመሳክር ምንም ልዩነት የለም። ሁለቱ ቅርንጫፎች በትክክል ስለሚገጥሙ ስህተቱ ያለው በኒውዮርክ ማሽን ላይ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ሰው ካለ ምን እንዳደረገ ቢነግረኝ አመሰግናለሁ።

ፈጣን_መልስ

ማሽኑ ምንም አልሆነም። ኒውዮርክ ከዩቲሲ አምስት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ የዩቲሲ ቀን የኒውዮርክን ምሽት ከሁለት ይከፍለዋል። ከእያንዳንዱ የኒውዮርክ ሽያጭ ላይ አምስት ሰዓት ይቀንሱ፣ ለዱባይ አራት ሰዓት ይጨምሩ፣ ከዚያም ቀኑን በየአገሩ እኩለ ሌሊት ላይ ይቁረጡ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

የዳታ_ሠራተኛ

ፈጣን_መልስ ምክንያቱን በትክክል አግኝቶታል፤ መፍትሔው ላይ ግን ሁለት ነገር አሳስቦኛልና ወደዚያ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ጠያቂውን አንድ ነገር ልጠይቅ። የኒውዮርክ ቅርንጫፍ እሑድ ክፍት ነው? ዝግ ከሆነ የእርስዎ ሪፖርት ለእሑድ ስንት ያሳያል? ደግሞም ቅርንጫፎቹ በስንት ሰዓት እንደሚዘጉ ቢጽፉልን ጥሩ ነው።

ሪፖርት_አዘጋጅ

እሑድ ዝግ ነው። ሪፖርቱን አሁን ከፍቼ አየሁት፤ ለእሑድ 3,600 ዶላር ይላል! እስከ ዛሬ ልብ ያላልኩት ምናልባት የቅዳሜ ርዝራዥ ብዬ በማለፌ ይሆናል። የመዝጊያ ሰዓቶቹ በየአገሩ አቆጣጠር እነዚህ ናቸው፦ ኒውዮርክ 22:00፣ ለንደን 20:00፣ ዱባይ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 02:00።

የዳታ_ሠራተኛ

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ዝግ በሆነ ቀን ላይ ሽያጭ ማየት ቀኑ በተሳሳተ ቦታ ለመቆረጡ ከሁሉ የቀለለ ምልክት ነው። እኔ አዲስ ሪፖርት ስረከብ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው።

አሁን በኒውዮርክ ሰዓት ወደፊት የተገፋበት ወቅት ስለሆነ ልዩነቱ አምስት ሳይሆን አራት ሰዓት ነው። ስለዚህ የዩቲሲ እኩለ ሌሊት እዚያ 20:00 ላይ ይውላል። ቅርንጫፉ ገና ሁለት ሰዓት ሲቀረው የእርስዎ ሪፖርት ቀኑን ዘግቶ ወደ ማግስቱ ይሻገራል ማለት ነው። በሪፖርትዎ «ዓርብ» የተባለው ከሐሙስ 20:00 እስከ ዓርብ 20:00 ያለው ነው። በዚህ መሠረት ቁጥሮቹን እንፈትሽ። የእሑዱ 3,600 የቅዳሜ ምሽት ሁለት ሰዓት ሽያጭ ነው። የቅዳሜ ዜድ 21,000 ነው፤ ከዚያ 3,600 ወደ እሑድ ሄዶ 17,400 ይቀራል፤ ሪፖርቱ ግን 20,500 ስለሚል የዓርብ ምሽት 3,100 ገብቶበታል ማለት ነው። ዓርብም እንዲሁ፤ 18,400 ሲቀነስ 3,100 የሚሰጠው 15,300 ነው፤ 16,550 ለመሙላት ከሐሙስ ምሽት 1,250 መምጣት አለበት። የሐሙስን የ20:00 እስከ 22:00 ሽያጭ ለብቻው ያውጡና ይመልከቱ፤ 1,250 ካልሆነ ሌላም ችግር አለ።

የሳምንቱ ድምር የገጠመልዎ አንዱ ቀን ያጣውን ማግስቱ ስለሚወስደው ነው። መሀሉ ይጣፋል፤ የሚቀሩት ሁለቱ ጫፎች ብቻ ናቸው። የእርስዎ ሳምንት በእሑድ ያልቃል፤ እሑድ ምሽት ደግሞ ሽያጭ የለም፤ ስለዚህ ጫፎቹ ባዶ ናቸው። ወር ላይ ግን እንዲህ አያመልጡም። ወሩ ዓርብ ቀን ካለቀ የዚያ ምሽት ሽያጭ ወደሚቀጥለው ወር ይገባል፤ ግብር የሚከፈለው በወር ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከሥራ አስኪያጁ ቅሬታ አልፎ ይሄዳል። በኖቬምበር ሰዓቱ ወደኋላ ሲመለስ የመቁረጫው ነጥብ ወደ 19:00 ስለሚወርድ የሚያመልጠው ሦስት ሰዓት ይሆናል፤ ያኔ ልዩነቱ በድንገት ቢያድግ የሽያጭ ለውጥ እንዳይመስልዎ።

አሁን ፈጣን_መልስ ወዳለው። ቋሚ አምስት ሰዓት መቀነስ የሚሠራው ዓመቱን በከፊል ብቻ ነው። አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት የምትገፋው በማርች ሁለተኛው እሑድ ሲሆን ብሪታንያ በማርች የመጨረሻው እሑድ ነው፤ ሲመልሱም ብሪታንያ በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ፣ አሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ነው። በእነዚህ መሀል ባሉት ሳምንታት በለንደንና በኒውዮርክ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ከአምስት ወደ አራት ሰዓት ይወርዳል። ዱባይ ዓመቱን ሙሉ አትለወጥም። ይህን ሁሉ በእጅ መከታተል አያስፈልግም፤ በቅርንጫፍ መዝገብዎ ላይ የሰዓቱን ልዩነት ሳይሆን የሰዓት ሰቁን ስም ያስቀምጡ፦ `America/New_York`፣ `Europe/London`፣ `Asia/Dubai`። መቼ ምን እንደሚሆን ዳታቤዙ ራሱ ያውቀዋል።

ፈጣን_መልስ

ቋሚ ቁጥሩን በተመለከተ ትክክል ነዎት፤ ተቀብያለሁ። ነገር ግን በየአገሩ እኩለ ሌሊት መቁረጥ የሚለው አሁንም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ቀን ማለት ቀን ነው፤ ከ00:00 እስከ 24:00።

ገንዘብ_ያዥ

እኛም ይህ ችግር ነበረብን። የቅርንጫፎቹ ሽያጭ በባንክ ከሚገባው ገንዘብ ጋር በአንድም ቀን ገጥሞ አያውቅም ነበር። በኋላ ስንጠይቅ የካርድ ክፍያ ድርጅቱ የራሱ የመቁረጫ ሰዓት አለው፤ ከዚያ ሰዓት በኋላ የተከፈለው በማግስቱ ጥቅል ውስጥ ይገባል፤ የዓርብና የቅዳሜው ደግሞ ገንዘቡ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ነው የሚገባው። ስለዚህ የባንክ መግለጫችሁን የመቁረጫ ሰዓት ጠይቁና ሪፖርታችሁን በሱ ልክ ቁረጡት።

የዳታ_ሠራተኛ

ገንዘብ_ያዥ፣ ያነሱት እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። እዚህ የሚመሳከረው ሽያጭ ከዜድ ሪፖርት ጋር እንጂ ከባንክ ጋር አይደለም። አንድ ሽያጭ ሦስት ቀኖች ሊኖሩት ይችላሉ፦ የተሸጠበት፣ በካርድ ጥቅል የተላከበትና በባንክ የገባበት። ሦስቱንም በየዓምዳቸው ያስቀምጡ እንጂ ሽያጩን በባንኩ ሰዓት አይቁረጡት፤ ባንኩን ወይም የክፍያ ድርጅቱን የቀየሩ ዕለት ያለፈው ዓመት ሽያጭዎ ሁሉ ትርጉሙ ይለወጣል።

ሪፖርት_አዘጋጅ

የሐሙሱን ምሽት አወጣሁት፤ 1,250 ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ትናንት ሪፖርቱን በሰዓት ሰቅ ስም፣ በየአገሩ እኩለ ሌሊት እንዲቆርጥ ቀየርኩት። ኒውዮርክ ገጠመ፤ እሑድም ባዶ ሆነ። ለንደን እንዳለ ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ ይገጥም የነበረው ዱባይ ተበላሸ! የዓርብ ዜድ ሪፖርት 52,300 ድርሃም ሲሆን የእኔ 49,100 ይላል። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ሲበላሽ ምን ልበል?

የዳታ_ሠራተኛ

የዱባዩ ቅርንጫፍ እስከ 02:00 ክፍት ነው ብለውን ነበር። ዓርብ ሌሊት 00:40 ላይ የተሸጠ ዕቃ በቀን መቁጠሪያው ቅዳሜ ነው፤ ሻጩ ግን ገና የዓርብ ፈረቃው ላይ ነው፣ መሳቢያው ውስጥ ያለው ገንዘብም የዓርብ ነው፣ ዜድ ሪፖርቱም 02:00 ላይ ሲወጣ ዓርብ ተብሎ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያሉትን ሁለት ሰዓታት ለብቻ ቢያወጧቸው የዓርቡ ከሐሙሱ በ3,200 ይበልጣል፤ ልዩነትዎ ያ ነው።

ታዲያ እስከ ትናንት ለምን ገጠመ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቀው። ዱባይ ከዩቲሲ አራት ሰዓት ወደፊት ስለሆነ የዩቲሲ እኩለ ሌሊት እዚያ 04:00 ላይ ነው፤ ሱቁ ከተዘጋ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ማንም ምንም በማይሸጥበት ሰዓት። የድሮው ሪፖርትዎ ዱባይን በትክክል ይቆርጥ የነበረው በአጋጣሚ ነው። ለንደን ደግሞ በ20:00 ስለሚዘጋ በየትኛውም እኩለ ሌሊት ቢቆረጥ አይጎዳም። ሁለት ቅርንጫፎች መግጠማቸው ሪፖርቱ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አልነበረም።

ስለዚህ የቀኑ መቁረጫ እኩለ ሌሊት መሆን የለበትም፤ ቅርንጫፉ በእርግጠኝነት ዝግ የሚሆንበት ሰዓት መሆን አለበት። ለሦስታችሁም 04:00 በየአገሩ ሰዓት ይበቃል። «የዓርብ ሥራ ቀን» ማለት ከዓርብ 04:00 እስከ ቅዳሜ 04:00 ነው። ከ01:00 እስከ 03:00 ያለውን ግን ይራቁት፤ በኒውዮርክ ሰዓት የሚለወጠው 02:00 ላይ ነው፤ በማርች ከ02:00 እስከ 03:00 ያለው ሰዓት ጭራሽ የለም፣ በኖቬምበር ደግሞ ከ01:00 እስከ 02:00 ያለው ሁለት ጊዜ ይመጣል። መቁረጫዎን እዚያ ካስቀመጡት በዓመት ሁለት ቀን የሚያብራሩት ነገር ያገኛሉ።

በፖስትግሬስ እንዲህ ይጻፋል፤ `sold_at` ዓምዱ `timestamptz`፣ `cutoff` ደግሞ `interval` ከሆነ ነው፦

```sql
SELECT b.branch_id,
       ((s.sold_at AT TIME ZONE b.tz) - b.cutoff)::date
         AS business_date,
       SUM(s.amount)
FROM sales s
JOIN branches b ON b.branch_id = s.branch_id
GROUP BY 1, 2;
```

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ወደ አገሩ ሰዓት ይለወጥ፣ ቀጥሎ አራት ሰዓት ይቀነስ። ተገልብጦ መጀመሪያ ከዩቲሲው አራት ሰዓት ቀንሰው ከዚያ ቢለውጡት ዓመቱን ሙሉ ትክክል ሆኖ በሰዓት ለውጥ ቀን ይሳሳታል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2025 በኒውዮርክ 04:00 ማለት 08:00 ዩቲሲ ነበር። ከዚያ አራት ሰዓት ቢቀነስ 04:00 ዩቲሲ ይሆናል፤ ያ ቅጽበት በኒውዮርክ ገና ሰዓቱ ሳይገፋ ስለነበር ማርች 8፣ 23:00 ነው። ከ04:00 እስከ 05:00 የተሸጠ ካለ በዚያ ቀን ወደ ትናንት ይወድቃል። የእርስዎ ሱቅ በዚያ ሰዓት ዝግ ስለሆነ አይታይብዎትም፤ 24 ሰዓት የሚሠራ ቅርንጫፍ የከፈታችሁ ዕለት ግን ይታያል።

ኤክሴል_ብቻ

ይቅርታ፣ እኛ ዳታቤዝ የለንም። ቅርንጫፎቻችን በየቀኑ የሽያጭ ዝርዝራቸውን በኤክሴል ይልካሉ፤ ሰዓቱም በየአገራቸው ነው የተጻፈው። ይህ ለእኛ ይሠራል?

የዳታ_ሠራተኛ

እንዲያውም ለእናንተ ይቀልላል፤ ሰዓቱ አስቀድሞ በአገሩ ስለሆነ መለወጥ አያስፈልግም። ቀንና ሰዓቱ `B2` ላይ ካለ የሥራው ቀን ይህ ነው፤ ሴሉን ቀን ሆኖ እንዲታይ ያድርጉት፦

```
=INT(B2-TIME(4,0,0))
```

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ፋይሉ ላይ ሰዓቱ የየትኛው አገር እንደሆነ የሚናገር ዓምድ ከሌለ ያስጨምሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፋይሉን የሚከፍተው ሰው እርስዎ ላይሆኑ ይችላሉ።

ሌሊት_ተረኛ

የሰዓት ሰቅ ስም ተጠቀሙ የሚለውን እደግፋለሁ፤ ስሙ ብቻውን ግን አያድንም። እኛ ካይሮ ቅርንጫፍ አለን። ግብፅ ለዓመታት ሰዓት መለወጥ ትታ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2023 እንደገና ጀመረች፤ በኤፕሪል የመጨረሻው ዓርብ ሰዓቱ ከ00:00 በቀጥታ ወደ 01:00 ይዘላል። የእኛ ሰርቨር የሰዓት ሰቅ መረጃው የቆየ ስለነበር `Africa/Cairo` ብለን ብንጽፍም ካይሮን በድሮው ልዩነት አንድ ሰዓት ወደኋላ አድርጎ ያሰላት ነበር። ቀኑን የምንቆርጠው በእኩለ ሌሊት ነበር፤ ሱቁ ደግሞ እስከ 01:00 ይሠራል። ስለዚህ ከ00:00 እስከ 01:00 የተሸጠው ሁሉ በእኛ በኩል 23 ሰዓት ከምናምን ሆኖ ወደ ቀደመው ቀን ይገባ ነበር። የቅርንጫፉ ማሽን ግን ቀኑን በራሱ እኩለ ሌሊት ላይ ይቆርጣል።

የነቃነው በድምሩ ልዩነት አይደለም። በየሰዓቱ የሚያሳየው ሥዕላዊ ሪፖርት ሱቁ በ08:00 እንደተከፈተ ማሳየት ጀመረ፤ ሱቁ የሚከፈተው በ09:00 ነው። መረጃውን አሻሽለን ሰርቨሩን እንደገና ስናስነሳ ተስተካከለ። ሌላው እንግዳ ነገር፣ በዚያ ዓርብ በካይሮ 00:00 የሚባል ሰዓት የለም፤ ቀኑ የሚጀምረው በ01:00 ነው። «ከ00:00 ጀምር» ብሎ የተጻፈ ፕሮግራም እንደየቋንቋው ወይ ስህተት ይሰጣል ወይ ዝም ብሎ አንድ ሰዓት ያሸሻል። ያኔ መቁረጫችን 04:00 ቢሆን ኖሮ፣ ማሽኑም እንዲሁ ቢስተካከል፣ የሰርቨሩ የአንድ ሰዓት ስህተት ድምሩን ባልነካው ነበር።

ፈጣን_መልስ

እኩለ ሌሊት የሌለበት ቀን! እሺ፣ ተሸነፍኩ።

ግን አንድ አቋራጭ ልጠቁም። የሰቅ ስሞቹን መሸምደድ ለማይፈልግ `Etc/GMT+4` ብሎ ለዱባይ መጻፍ ይቻላል፤ ዱባይ ስለማትለወጥ ችግር የለውም።

የዳታ_ሠራተኛ

አለው። በእነዚያ ስሞች ውስጥ ምልክቱ የተገለበጠ ነው፤ `Etc/GMT+4` ከግሪንዊች በስተምዕራብ አራት ሰዓት ማለት ነው። ዱባይን አትላንቲክ ላይ ያስቀምጧታል። `Asia/Dubai` ይጻፉ።

ሪፖርት_አዘጋጅ

ሦስቱም ቅርንጫፎች በ04:00 ሲቆረጡ ገጠሙ፤ ያለፉትን ስድስት ሳምንታት ወደኋላ ሄጄ አመሳክሬያለሁ። አሁን የቀረኝ የጊዜ ጉዳይ ነው። አስተዳደሩ ሪፖርቱን በለንደን 07:00 ይፈልጋል። በኒውዮርክ 04:00 ማለት ግን በለንደን 09:00 ነው። በ07:00 ስልክ በኒውዮርክ ገና 02:00 ስለሆነ የሥራ ቀኑ በደንቡ መሠረት አልተዘጋም። ሱቁ በ22:00 እንደተዘጋ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም ያልተዘጋን ቀን ተዘግቷል ብሎ መላክ አልወደድኩም።

ኦዲተር_ጡረተኛ

ስጋትዎ ተገቢ ነው። መቁረጫው ሽያጩ የትኛው ቀን እንደሆነ ይወስናል፤ ቀኑ መዘጋቱን የሚወስነው ግን ሰዓት ሳይሆን ድርጊት ነው፤ እርሱም ቅርንጫፉ ዜድ ሪፖርቱን አውጥቶ መላኩ ነው። በሪፖርትዎ ላይ ከየቅርንጫፉ ድምር ጎን «የተዘጋበት ሰዓት» የሚል ዓምድ ይጨምሩ። ኒውዮርክ ዜዱን በ22:20 ከላከ በ07:00 ላይ ያለው ቁጥር የተዘጋ ነው፤ ካልላከ ዓምዱ ባዶ ይሆናል፣ ቁጥሩም ጊዜያዊ መሆኑ ይታወቃል። ባዶውን ዓምድ ደብቆ ቁጥሩን ብቻ መላክ ነው ስህተቱ።

በድርጊት ብቻ መተማመንም ግን ጣጣ አለው። በአንድ ወቅት የመረመርኩት ድርጅት አንድ ቅርንጫፍ ማታ ዜድ ማውጣት ረስቶ በማግስቱ ማታ ሲያወጣ የሁለት ቀን ሽያጭ በአንድ ቀን ተመዝግቦ አግኝቻለሁ። ሠንጠረዡ ላይ አንዱ ቀን ዜሮ፣ ሌላው እጥፍ ነበር፤ የሽያጭ ክፍሉም ያንን እጥፍ ቀን «የማስታወቂያው ውጤት» ብሎ አቅርቦት ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ቀኑን በ04:00 መቁረጫ ያስሉ፣ መዘጋቱን በዜዱ ያረጋግጡ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ሪፖርቱ ራሱ ይጩህ። በሪፖርቱ አናት ላይም «የሥራ ቀን፤ በየቅርንጫፉ አገር ሰዓት፤ መቁረጫ 04:00» ብለው ይጻፉ። አንድ መስመር ነው፤ ብዙ የስልክ ጥሪ ያስቀራል።

ሌሊት_ተረኛ

ኢንተርኔት ተቋርጦ ሽያጩ በማግስቱ ሲደርስስ? እኛ ጋ ማሽኖቹ ግንኙነት ሲያጡ ሽያጩን ይዘው ይቆዩና ሲመለስ ይልኩታል። ሪፖርቱ ከተላከ በኋላ የትናንቱ ድምር ይለወጣል።

የዳታ_ሠራተኛ

ሽያጩ የተፈጸመበትን ሰዓትና የደረሰበትን ሰዓት በሁለት ዓምድ ይያዙ፤ ቀኑን የሚወስነው የተፈጸመበት ነው። የትናንቱን ድምር አርማችሁ እንደገና ላኩ። ትክክለኛው ቁጥር አንድ ብቻ ነው።

ኦዲተር_ጡረተኛ

እዚህ ላይ አልስማማም። ተዘግቶ የተላከ ቀን መነካት የለበትም። ዘግይቶ የመጣው ሽያጭ በሚቀጥለው ክፍት ቀን ላይ «የቀደመ ቀን ማስተካከያ» ተብሎ በተለየ መስመር ይግባ፤ የመጀመሪያው ቀን ከጎኑ ይጻፍ። አለበለዚያ ሥራ አስኪያጁ ሰኞ የታተመውን፣ እርስዎ ረቡዕ ያወጡትን ይዛችሁ ትከራከራላችሁ፤ ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው።

የዳታ_ሠራተኛ

ለሂሳብ መዝገቡ ልክ ነዎት። ነገር ግን የሽያጭ ክፍሉ ዓርብን ካለፈው ዓመት ዓርብ ጋር ሲያነጻጽር ማክሰኞ ላይ የገባ የዓርብ ሽያጭ ሁለቱንም ቀን ያጣምምበታል። እኔ የማውቃቸው ቦታዎች ሁለቱንም ዕይታ ይይዛሉ፤ ያኔ ደግሞ የትኛው «ዕለታዊ ድምር» ተብሎ ይጠራ የሚል ሙግት ይነሳል፤ እስካሁን በሰላም ሲያልቅ አላየሁም።

ኦዲተር_ጡረተኛ

እርስዎ የሚሉት ለንጽጽር ነው፤ እኔ የምለው ለፊርማ ነው። የፈረምኩበት ቁጥር ከጀርባዬ እንዲለወጥ አልፈልግም።

ሪፖርት_አዘጋጅ

ይህን ለአስተዳደሩ ሁለት አማራጭ አድርጌ አቀርበዋለሁ፤ በእኔ ደረጃ የሚወሰን አይመስለኝም። «የተዘጋበት ሰዓት» ዓምዱን ግን ዛሬ ጠዋት ጨምሬዋለሁ፤ ሦስቱም ቅርንጫፎች ሞልተው መጡ። ለኒውዮርኩ ሥራ አስኪያጅም የሐሙስ፣ የዓርብና የቅዳሜ ምሽቶችን ለያይቼ ላክሁላቸው፤ የጎደለ ሽያጭ እንደሌለ አምነው ደብዳቤያቸውን ስበዋል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ከመቁረጫው በፊትና በኋላ ያለውን አንድ አንድ ሰዓት ባዶ መሆኑን ስፈትሽ በኒውዮርክ 04:17 ላይ የተመዘገበ አንድ የ86 ዶላር ሽያጭ አገኘሁ። ሱቁ በዚያ ሰዓት ዝግ ነው።

ሌሊት_ተረኛ

ከአንድ ማሽን ብቻ የመጣ ከሆነ ሰዓቱ ከሰዓት በኋላ መሆን ሲገባው ንጋት ተብሎ ተሞልቶ ይሆናል። 16:17 ን ይመልከቱ፤ የዚያ ማሽን ሽያጮች በሙሉ በ12 ሰዓት የተዛነፉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሪፖርት_አዘጋጅ

ከአንድ ማሽን ነው፤ ቁጥር 3። ባለፈው ሳምንት ባትሪው ተቀይሮለታል። ከዚያ ወዲህ የመዘገባቸውን ሽያጮች አሁን አወጣኋቸው፤ ሁሉም ከ22:00 እስከ 10:00 መካከል ናቸው፤ ሱቁ ከ10:00 በፊት አይከፈትም። ያስተዋልኩት የ04:17ቱን ብቻ የሆነው ሌሎቹ ከፈተሽኩት ሁለት ሰዓት ውጭ ስለነበሩ ነው። ከሰዓት በኋላ 16:00ን ሳይደርሱ የተሸጡት ወደ ቀደመው ቀን ሄደዋል ማለት ነው፤ ማሽኑ በራሱ ስላቆራረጣቸው ዜዱም አብሮ ሳይሳሳት አይቀርም። ቅርንጫፉ ሲከፈት የማሽኑን ሰዓት ከስልካቸው ጋር አስተያይተው ፎቶ አንስተው እንዲልኩልኝ ጽፌያለሁ።